ዋጋው ከወረደ እገዛለሁ፦ ገንዘብ አስይዞ ፑት መሸጥ

እ.ኤ.አ. በ1993 ዋረን በፌት የሚመሩት በርክሻየር ሃታዌይ ከ90 ሚሊዮን በላይ የኮካ ኮላ አክሲዮኖች ነበሩት። በዚያ ዓመት ኤፕሪል መጀመሪያ ላይ ፊሊፕ ሞሪስ የማርልቦሮ ሲጋራን ዋጋ በድንገት ስለቀነሰ፣ በስማቸው ዝና የሚሸጡ ኩባንያዎች አክሲዮን ሁሉ ተናግቶ ነበር። የኮካ ኮላም ወደ 40 ዶላር ገደማ ወረደ። በፌት አክሲዮኑን በዚያ ዋጋ ከመጨመር ይልቅ ሌላ መንገድ ያዙ። እስከ ዲሴምበር ድረስ ዋጋው ወርዶ አንድ ባለአክሲዮን «በ35 ዶላር ግዛኝ» ቢላቸው ሊገዙት ቃል ገቡ። ቃሉ 5 ሚሊዮን አክሲዮኖችን የሚመለከት ነበር። ለእያንዳንዱ አክሲዮን 1 ዶላር ከ50 ሳንቲም፣ በጠቅላላው 7.5 ሚሊዮን ዶላር፣ እዚያው ተቀበሉ።

ዲሴምበር ሲደርስ ኮካ ኮላ ከ35 ዶላር በላይ ስለነበረ በ35 የሚሸጥላቸው አልተገኘም። ውሉ ሞተ፣ 7.5 ሚሊዮኑ የበርክሻየር ሆኖ ቀረ። ዓመቱ ሲያልቅ አንድ የኮካ ኮላ አክሲዮን 44 ዶላር ከ60 ሳንቲም ገደማ ያወጣ ነበር። እነዚያን 5 ሚሊዮን አክሲዮኖች በኤፕሪል በ40 ዶላር ቢገዙ ኖሮ ግን ትርፉ ከ20 ሚሊዮን ዶላር ያልፍ ነበር። ስለዚህ ስልት ሲወራ ብዙ ጊዜ የሚነገረው የመጀመሪያው ቁጥር ብቻ ነው። እኔ ግን ሁለቱም ቁጥሮች አብረው መታየት አለባቸው እላለሁ።

በፌት የሸጡት ፑት ኦፕሽን ይባላል። ፑት የገዛ ሰው አክሲዮኑን በውሉ በተጻፈው ዋጋ የመሸጥ መብት ያገኛል፤ አይገደድም። ፑት የሸጠ ሰው ግን ከተጠየቀ የመግዛት ግዴታ አለበት። ገዢው ብዙውን ጊዜ አክሲዮን ያለውና ዋጋው እንዳይወድቅበት የሰጋ ሰው ነው። መኪናውን ኢንሹራንስ እንደሚያስገባ ሰው ክፍያውን ከፍሎ ስጋቱን ለሌላ ያስተላልፋል። ሻጩ በኢንሹራንስ ኩባንያው ቦታ ይቆማል፣ የሚቀበለውም ክፍያ ፕሪሚየም ይባላል። ሻጩ ለመግዛት የሚያስፈልገውን ሙሉ ገንዘብ በሒሳቡ አስይዞ ከተቀመጠ ስልቱ ካሽ ሴኪዩርድ ፑት ይባላል። ሙሉውን ሳያስይዝ ከብሮከሩ በሚያገኘው ብድር ተማምኖ ከሸጠ ግን ሌላ ጨዋታ ውስጥ ገብቷል፤ ወደዚያ በኋላ እመለሳለሁ።

ይህ ነገር የአሜሪካ ገበያ ነው። በጃንዋሪ 2025 ሥራውን የጀመረው የኢትዮጵያ ሰነደ ሙዓለ ንዋዮች ገበያ ኦፕሽን አያገበያይም። በአሜሪካ ግን ኦፕሽን በተደራጀ መልኩ መሸጥና መግዛት የጀመረው በ1973 በቺካጎ ነው፤ ፑት ወደ ገበያው የገባው በ1977 ነው። ዛሬ በዋሽንግተንና በአካባቢው የሚኖር ወገናችን በስልኩ አንድ ሁለት መስኮት ከፍቶ ፑት መሸጥ ይችላል። ስለዚህም ጉዳዩን በደንብ ማየት ያስፈልጋል።

አንድ ምሳሌ እንውሰድ። በሜሪላንድ ሲልቨር ስፕሪንግ የምትኖር አንዲት ነርስ ዕቁብ ደርሷት 5,000 ዶላር በብሮከር ሒሳቧ አስቀምጣለች እንበል። ለረጅም ጊዜ ስትከታተለው የቆየችው ኩባንያ አክሲዮን ዛሬ 52 ዶላር ነው። ኩባንያውን ወዳዋለች፤ 52 ግን ተወደደባት፣ በ48 ብታገኘው ደስ ይላታል።

የኦፕሽን ሰንጠረዡን ስትከፍት ውሎቹ የሚያበቁባቸው ቀኖች ተደርድረዋል፣ አብዛኞቹ ዓርብ ዓርብ ናቸው። ከአምስት ሳምንት በኋላ የሚያበቃውን ትመርጣለች። በፑት በኩል ወርዳ የውል ዋጋው 48 ከሆነው መስመር ላይ ስትደርስ Bid በሚለው ሥር 1.00፣ Ask በሚለው ሥር 1.20 ታያለች። ገዢዎች አንድ ዶላር እንከፍላለን፣ ሻጮች አንድ ዶላር ከሃያ እንፈልጋለን እያሉ ነው ማለት ነው። Sell to Open የሚለውን ትነካለች፣ የትእዛዙን ዓይነት Limit ታደርጋለች፣ ዋጋውን መሐል ላይ 1.10 ትሞላለች። ውሉ የሚመለከተው መቶ አክሲዮን ስለሆነ 110 ዶላር ወደ ሒሳቧ ይገባል። ብሮከሩ ደግሞ 4,800 ዶላሯን ያስይዛል፤ ውሉ እስኪያበቃ ሌላ ነገር ልትገዛበት አትችልም። ኮሚሽኑ በአብዛኞቹ ትልልቅ ብሮከሮች ለአንድ ውል ከአንድ ዶላር በታች ነው።

አምስቱ ሳምንት ሲያልፍ አክሲዮኑ 50 ዶላር ላይ ቢገኝ ፑቱን የገዛው ሰው በገበያ 50 የሚያወጣውን ለእሷ በ48 የሚሸጥበት ምክንያት የለውም። ውሉ ይሞታል፣ 110 ዶላሩ ይቀርላታል፣ 4,800ውም ይለቀቅላታል። 47 ላይ ቢገኝ ውሉ ይፈጸማል፤ ቅዳሜ ወይም ሰኞ ሒሳቧን ስትከፍት 4,800 ዶላሩ ወጥቶ በቦታው መቶ አክሲዮን ተቀምጦ ታገኛለች። ከ48 ላይ የተቀበለችው 1.10 ሲቀነስ እያንዳንዱ የወጣባት 46.90 ነው። ገበያው ላይ ከሚሸጥበትም አሥር ሳንቲም የቀነሰ፣ በመጀመሪያ ካየችው 52 ደግሞ ከአምስት ዶላር በላይ የረከሰ ዋጋ ነው። ይህ ስልቱ በልኩ የሠራበት ቀን ነው፣ ሰው ሲያወራም የሚያወራው ይህንኑ ነው።

60 ቢደርስስ? አሁንም የእሷ 110 ዶላር ብቻ ነው። በ52 የገዛው ጎረቤቷ 800 ዶላር አትርፏል። በመጠበቋ የተከፈላት ገንዘብ አክሲዮኑ ሲሮጥ ከኋላ ስለመቅረት ያገኘችው ካሳ ነው፣ ካሳውም ትንሽ ሊሆን ይችላል። እስኪወርድ ስትጠብቅ የትርፍ ድርሻም አይደርሳትም፤ አክሲዮኑ ገና የሌላ ሰው ነውና።

38 ቢወርድ ደግሞ በ48 የመግዛት ግዴታዋ አይቀርም። 46.90 ያወጣችበት አክሲዮን 38 ነው፤ በወረቀት ላይ 890 ዶላር ጎድሏታል። 110 ዶላሩ ጉዳቱን የሚሸፍነው በጥቂቱ ብቻ ነው። የሚያገኙት ከላይ በፕሪሚየሙ የተገደበ ነው። የሚያጡት ግን ከታች ኩባንያው ዋጋ ቢስ እስኪሆን ድረስ ክፍት ነው። አክሲዮኑን ራሱን የገዛም ሰው እንዲሁ ነው የሚወርድበት፤ ልዩነቱ አክሲዮኑን የገዛው ሰው ሽቅቡንም ይዞ መውጣቱ ነው።

እዚህ ላይ አንድ ጥያቄ ይነሳል፣ ለእኔ የዚህ ስልት ዋናው ጥያቄ ነው። ነርሷ በ48 መግዛት ከፈለገች ለምን ለብሮከሯ «48 ሲደርስ ግዛልኝ» የሚል ተራ ሊሚት ትእዛዝ አትሰጥም? ብዙ የኦፕሽን ሻጮች «ያው ነው፣ በተጨማሪ ይከፈለኛል» ይላሉ። ያው አይደለም። ሁለት ቦታ ላይ ይለያያሉ፤ የ110 ዶላሩም ምንጭ እዚያው ልዩነት ላይ ነው።

የመጀመሪያው ልዩነት ጊዜ ነው። አክሲዮኑ በሦስተኛው ሳምንት ማክሰኞ ቀን 47.50 ነክቶ በአምስተኛው ሳምንት ወደ 51 ቢመለስ፣ ሊሚት ትእዛዝ የሰጠ ሰው በ48 ገዝቶ ሦስት ዶላር ያተርፋል። ፑት የሸጠችው ነርስ ግን አክሲዮኑን አታገኝም። በአሜሪካ የአክሲዮን ፑት ገዢው ከማብቂያው ቀን በፊት መሸጥ ይችላል፤ ነገር ግን ብዙውን ጊዜ የቀረውን የመብቱን ዋጋ መጣል ስለማይፈልግ ውሉ እስኪያበቃ ይጠብቃል። ስለዚህ እሷ በ48 የምትገዛው 48 ስለተነካ አይደለም፣ በመጨረሻው ቀን ከ48 በታች ስለቀረ ነው። ወርዶ የሚመለሰው ያመልጣታል፣ ወርዶ የሚቀረው ይደርሳታል።

ሁለተኛው ልዩነት ይከብዳል። ሊሚት ትእዛዝ ይሰረዛል። የኩባንያው መጥፎ ዜና ማታ ሲወጣ ትእዛዝ የሰጠው ሰው ጠዋት ገበያው ሳይከፈት ስልኩን አንስቶ ሊሰርዘው ይችላል። ፑት የሸጠ ሰው ግን ቃሉን ሸጧል። መውጣት ከፈለገ ያንኑ ፑት Buy to Close ብሎ መልሶ መግዛት አለበት፤ ዜናው ከወጣ በኋላ ደግሞ በ1.10 የሸጠው ፑት ምናልባት ስድስትና ሰባት ዶላር ይጠየቅበታል። 110 ዶላሩ የተከፈለው በነጻ አይደለም፣ ሐሳብን የመቀየር መብት ስለተሸጠ ነው።

ይህ በተግባር ምን እንደሚመስል ኢንቴል ላይ ማየት ይቻላል። ኦገስት 1 ቀን 2024 የኢንቴል አክሲዮን በ29 ዶላር ከ5 ሳንቲም ተዘጋ። ገበያው ከተዘጋ በኋላ ኩባንያው የሩብ ዓመት ውጤቱን አወጣ፤ ከ15 በመቶ በላይ ሠራተኞቹን እንደሚቀንስና የትርፍ ክፍያውንም እንደሚያቋርጥ ተናገረ። በማግስቱ አክሲዮኑ በ21 ዶላር ከ48 ተዘጋ፤ በአንድ ቀን 26 በመቶ ወደቀ። ከዚያ በፊት «ኢንቴል በ27 ቢገኝማ» ብሎ የ27 ዶላር ፑት በአንድ ዶላር የሸጠ ሰው ነበር ብለን እናስብ። የወጣበት በአክሲዮን 26 ዶላር፣ ገበያው ደግሞ 21.48፤ በአንድ ውል 452 ዶላር ጎድሎበታል። በ27 ሊሚት ትእዛዝ ያስቀመጠው ግን ማታ ዜናውን አይቶ ቢሰርዝ አንድም ሳንቲም አይነካበትም ነበር፤ ባይሰርዝ እንኳ አክሲዮኑ ጠዋት ሲከፈት ከ27 በጣም ወርዶ ስለነበር የሚገዛው በዚያው ዝቅተኛ መክፈቻ ዋጋ ነው።

ከኢንቴል የሚወሰደው ትምህርት ስለ ቀን ነው። የሩብ ዓመት ውጤት የሚወጣበት ቀን አስቀድሞ ይታወቃል። ያ ቀን በውሉ ዕድሜ ውስጥ ከወደቀ ፕሪሚየሙ ከወትሮው ወፍሮ ይታያል። ጀማሪ ሰው ሁለት ውሎችን ጎን ለጎን አይቶ «ይኼኛው በተመሳሳይ ርቀት እጥፍ ይከፍላል» ብሎ ወደ ወፍራሙ ይሄዳል። ገበያው ግን የሚከፍለው ስለሚፈራ ነው። ፕሪሚየሙ ከሌሎቹ ሳምንታት ጎልቶ ካበጠ፣ መጀመሪያ መታየት ያለበት ኩባንያው መቼ ሪፖርት እንደሚያደርግ ነው። መድኃኒት የሚሠራ ኩባንያ ከሆነ ደግሞ የመድኃኒት ተቆጣጣሪው ውሳኔ መቼ እንደሚጠበቅ ማየት ያስፈልጋል። በብዙ ሰንጠረዦች ላይ Delta የሚል ዓምድ አለ። በፑት ላይ ከዜሮ በታች ተጽፎ ይገኛል፤ −0.25 ከሆነ፣ ውሉ ሲያበቃ አክሲዮኑ ከውሉ ዋጋ በታች የመሆን ዕድሉ ገበያው በሚያየው ከአራት አንድ ገደማ ነው ተብሎ በግምት ይነበባል። የተመረጠው 48 ዝም ብሎ ሩቅ የመሰለን ዋጋ ነው ወይስ በእርግጥ ሩቅ ነው የሚለውን ለመፈተሽ ያግዛል።

ሌላው የሚያሳስት ነገር የመቶኛ ስሌት ነው። 110 ዶላር በ4,800 ሲካፈል 2.3 በመቶ ገደማ ነው፣ ያውም በአምስት ሳምንት። ሰው ወዲያው በዓመት አባዝቶ 24 በመቶ ይላል። የባንክ ቁጠባ አራት በመቶ ሲከፍል ከተደሰተ ሰው አንጻር ይህ ቁጥር ያሰክራል። ነገር ግን አሥር ጊዜ 110 ዶላር መሰብሰብ የሚቻለው በአሥሩም ጊዜ አክሲዮኑ ከ48 በታች ሳይቀር ከቀረ ነው። እንደ ኢንቴል ያለ አንድ ቀን የብዙ ወራት ፕሪሚየምን በአንድ ጠዋት ይወስዳል። ፕሪሚየሙን እንደ ደሞዝ ቆጥሮ ወጪ የሚመድብበት ሰው ያን ቀን ከየት እንደሚከፍል አስቀድሞ ማወቅ አለበት።

ገንዘቡን ሳያስይዙ ስለመሸጥ እመለሳለሁ ብዬ ነበር። ብሮከሩ የማርጂን ፈቃድ ከሰጠ ከ4,800ው ጥቂቱን ብቻ ጠይቆ ውሉን እንዲሸጡ ይፈቅዳል። ያን ጊዜ 5,000 ዶላር ያለው ሰው አንድ ውል መሸጡን ትቶ አራት አምስት መሸጥ ይችላል፣ ፕሪሚየሙም 500 ዶላር ይሆናል። አክሲዮኑ 38 ከወረደ ግን ባለ አምስት ውሉ 24,000 ዶላር የሚያወጣ ግዢ ፈጽም ይባላል፤ የሌለውን ገንዘብ ማምጣት ስለማይችል ብሮከሩ ቦታውን በኪሳራ ይዘጋበታል፣ ዕዳም ሊያስቀርበት ይችላል። በገንዘብ የተደገፈው ስልት ከዚህ የሚለየው በክፉ ቀን ሰው የሚፈልገውን አክሲዮን ይዞ ለመቀመጥ አቅም ስላለው ነው። ያን አቅም የሚሰጠው የተያዘው 4,800 ዶላር ነው። ጡረታ ለመቆጠብ በሚያገለግለው አይአርኤ ሒሳብ ውስጥ ብዙ ብሮከሮች ፑት መሸጥን የሚፈቅዱት ሙሉ ገንዘብ ሲያዝ ብቻ ነው፤ ትክክል ናቸው እላለሁ።

ውሉ በሚያበቃበት ዓርብ ሰው የሚዘነጋት አንዲት ሰዓት አለች። ገበያው በምሥራቅ አሜሪካ አቆጣጠር በ4፡00 ፒኤም ይዘጋል፣ ፑት የያዘ ሰው ግን «ልሸጥ ነው» ብሎ ለብሮከሩ እስከ 5፡30 ፒኤም ድረስ ማስታወቅ ይችላል። አክሲዮኑ በ48 ዶላር ከ10 ሳንቲም ተዘግቶ «ተረፍኩ» ያለ ሰው፣ 4፡30 ላይ መጥፎ ዜና ከወጣ ቅዳሜ ጠዋት መቶ አክሲዮን ተሸክሞ ሊያገኘው ይችላል። አክሲዮኑ ከውሉ ዋጋ አጠገብ የሚያንዣብብ ከሆነና ሰውዬው ሐሳቡን ቀይሮ ከሆነ፣ ከመዘጋቱ በፊት በጥቂት ሳንቲም መልሶ ገዝቶ መውጣት ይሻላል።

አክሲዮኑ ከደረሰ በኋላ ግብር ላይ የሚታወቅ አንድ ነገር አለ። ውሉ ከሞተ ፕሪሚየሙ በአሜሪካ ግብር ሕግ የአጭር ጊዜ ትርፍ ሆኖ ይቆጠራል። ውሉ ከተፈጸመ ግን ፕሪሚየሙ በዚያን ጊዜ አይታክስም፤ ከአክሲዮኑ የግዢ ዋጋ ላይ ይቀነሳል። ለነርሷ የግዢ ዋጋው 46.90 ይሆናል ማለት ነው። የረጅም ጊዜ የግብር ተመን የሚሰጠው አንድ ዓመት ቆጠራም የሚጀምረው አክሲዮኑ ከደረሳት ወዲህ ነው፤ ፑቱን ከሸጠችበት ቀን አይቆጠርም።

ወደ ነርሷ 5,000 ዶላር ልመለስና ፍርዴን ልናገር። ውሉ በመቶ አክሲዮን የሚሠራ በመሆኑ 5,000 ያላት ሰው 4,800ውን ለአንድ ኩባንያ ታስራለች። ያ ኩባንያ ኢንቴል የደረሰበት ዓይነት ቀን ቢደርስበት ያላት ሁሉ እዚያው ነው። ገንዘቧን ለመበተን አምስት መቶ የአሜሪካ ትልልቅ ኩባንያዎችን አቅፎ የያዘውን SPY ልምረጥ ብትል፣ በአሁኑ ዋጋ አንድ ውል ከ50 ሺህ ዶላር በላይ ያስይዛል። ስለዚህ 5,000 ዶላር ብቻ ላላት ሰው ይህ ስልት አልመክርም፤ ከሰፊ ፈንድ በትንሽ በትንሹ ብትገዛ ይሻላታል። 4,800 ዶላር ከገንዘቡ አሥረኛውን የማይሞላበት፣ ኩባንያውን የሚያውቅ፣ ያለ ምንም ፕሪሚየምም ዛሬ በ48 ሊሚት ትእዛዝ አስቀምጥ ቢባል ሳያመነታ የሚያስቀምጥ ሰው ግን ፑቱን ይሽጥ፤ የሪፖርቱን ቀን አስቀድሞ አይቶ።